ሥራ ለሚመለሱ እናቶች የሚታተመው በራሪ ወረቀት፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

አስተባባሪ፣ ደሴ
ሰላም ናችሁ ጓዶች? ለወረዳዎቹ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ ከመጨረሳችን በፊት የበራሪ ወረቀቱን ጽሑፍ እንቋጭ። ወረቀቱ የሚያናግራት እናት ከወለደች 90 ቀን ሞልቷት ሥራ የምትገባ፣ ልጇ ሦስት ወር የሆነው፣ ቤቷ ፍሪጅ የሌላት ናት። ካለፈው ስብሰባ ያደረ አንድ መስመር አለን፤ «የታለበ የጡት ወተት እስከ 4 ሰዓት ይቆያል» የሚለው። በሉ እሱን ጨርሱልኝ።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
ቁጥሩ ልክ ነው፣ አጻጻፉ ግን ሰው ያሳስታል። «እስከ 4 ሰዓት» ሲባል አያትየው ረፋድ አራት ሰዓት ማለት ይመስላታል። ማለዳ 11 ሰዓት የታለበውንም 2 ሰዓት የታለበውንም እኩል አራት ሰዓት ላይ ትደፋዋለች፤ ከሰዓት በኋላ የመጣውን ደግሞ ምን እንደምታደርገው አታውቅም። ስለዚህ በምሳሌ እንጻፈው፦ «ጠዋት 12 ሰዓት የታለበ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ 4 ሰዓት የታለበ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል»። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፋ ሰዓቱን ትጻፍበት። ልጁን የምትይዘው ሰው ማንበብ የማትችል ከሆነ ለመጀመሪያው አንድ ክር፣ ለሁለተኛው ሁለት ክር ማሰር ይበቃል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ደሴ ዙሪያ
እህቴ፣ እኛ የተማርነው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጊዜ ይቆያል ተብለን ነው። አገራችን ደግሞ ብርድ ነው፤ ለባቲና ለከሚሴ የሚሠራውን ቁጥር ደሴ ላይ መጫን እናትን በከንቱ ማስጨነቅ ነው። ዕቃውን እርጥብ አሸዋ ባለው ማሰሮ ውስጥ ብናስቀምጠው ደግሞ እንደ ፍሪጅ ይሆናል።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
የተማርሽው ከንቱ አይደለም። በጣም በንጹሕ እጅ ታልቦ፣ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ 6 ወይም 8 ሰዓት የሚሉ መመሪያዎች አሉ። ግን የምንለካው የደሴን አየር ሳይሆን ወተቱ ያለበትን ጥግ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወተት ደሴም ሆኖ ይሞቀዋል። አራቱ ሰዓት 25 ዲግሪ አካባቢ ላለ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ደግሞ አራቱንም ሳይጠብቁ ቀደም ብሎ ማጠጣት ይሻላል። ማሰሮውና እርጥብ አሸዋው ጥሩ ነው፣ ሙቀት ይቀንሳል፤ የፍሪጅን 4 ዲግሪ ግን አያመጣም። ስለዚህ ሰዓት እንደሚያስጨምር አድርገን አንጻፈው። ውሃውም ወደ ክዳኑ እንዳይደርስ።

የፋብሪካ ሠራተኞች ተወካይ
እኔ የገባኝ በጀት እየተጠየቀ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ማለቢያ ስንት ይገዛልናል? እኔ ራሴ የማታ ተረኛ ነኝ፤ ያለ ማሽን የሚሆን ነገር አይመስለኝም።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
አብሽሪ፣ ይሆናል። ወረቀቱ የሚያስተምረው በእጅ ማለብን ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ እናቲቱ የጡቱን ጫፍ ትጎትታለች፤ ያማታል፣ ወተትም አይወጣም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት መጫን፣ ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ማቀራረብ፣ ከዚያ መልቀቅ። ጣቶቹ ቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም፤ ቆዳው ከቀላ እየተንሸራተቱ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብታ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጡት። ፍሰቱ ሲቀንስ ወደ ሌላው ጡት መዞርና ተመልሶ መምጣት፤ በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ሥራ ከመግባቷ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትለማመድ። ለማታ ተረኛም ያው ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ይገለበጣል።

አስተባባሪ፣ ደሴ
እሺ። አሁን የአንድ ቀን ምሳሌ እንሥራ። 1 ሰዓት ወጥታ 11 ሰዓት የምትገባ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ እናት ትሁን።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
በአማካይ ለተለየችበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብንይዝ፣ ለአሥሩ ሰዓት 300 ይሆናል። በሦስት ብንከፍለው እያንዳንዱ 100። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን 100 ታልባለች፤ ልትወጣ ስትል ደግሞ ልጁን ታጠባለች። ያን ወተት 3:30 ላይ ይጠጣል፣ በጊዜው ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 4 ሰዓት ላይ ፋብሪካ ውስጥ የታለበው 8 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ እሷ ግን ቤት የምትደርሰው 11 ሰዓት ነው። እንግዲህ ወይ በምሳ ሰዓት፣ 6:30 አካባቢ ሰው መጥቶ ይውሰደው፣ ወይ ልጁን ያምጣላት። ሰው ከመጣ የ4 ሰዓቱ ወተት ጊዜው ሳያበቃ፣ 7 ሰዓት ላይ ልጁ ይጠጣዋል። በምሳ ሰዓት የታለበው እስከ 10:30 ይደርሳል፤ 9:30 ላይ ይሰጠዋል። 11 ሰዓት እሷ ገብታ ከጡቷ ታጠባዋለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ደሴ ዙሪያ
የሚመላለስ ሰው ከሌላትስ? አብዛኞቹ እኮ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
እውነትሽን ነው፤ ይህን በራሪ ወረቀት አይፈታውም። የበረዶ ሳጥን ካገኘች፣ በረዶ የሆነ ውሃ ባለው ሃይላንድ ተከቦ እስከ 24 ሰዓት ጊዜ ይቆይላታል። የፋብሪካው ክሊኒክ በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ካለው ሃይላንዱን እዚያ በረዶ ማድረግ ይቻላል። ለአሠሪዎቹ በምንጽፈው ደብዳቤ ይህን አንዱን ነገር ብቻ ብንጠይቅ የሚፈቅዱልን ይመስለኛል።

ሲስተር፣ የሕፃናት ክፍል፣ ደሴ
ስለ ማፍላት ምንም አልተጻፈም። የላም ወተት ስለሚፈላ ይህንንም ምድጃ ላይ የሚጥዱት አሉ። ሙቅ ውሃ ባለው ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ከነዕቃው አስቀምጦ ለብ ማድረግ ይበቃል። ከላይ ስብ ቢንሳፈፍ ወይም ሰማያዊ ቢመስል ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ነው። ልጁ ጀምሮ የተወውን ግን በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልጨረሰው ይደፋ፤ ምራቅ ገብቶበታል። ጡጦም ለማጽዳት ስለሚያስቸግር በስኒ ይጠጣ፦ ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ የስኒው ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ እሱ ራሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ መገልበጥ ያንቃል።
ሌላም አለ። «ፀሐይ የመታው ወተት» እያሉ ከሥራ ሲገቡ የመጀመሪያውን ወተት መሬት ላይ የሚያፈሱ አሉ። ጡት ውስጥ ያለ ወተት አይበላሽም፤ ያ የሚፈሰው የልጁ እራት ነው።

የፋብሪካ ሠራተኞች ተወካይ
ወተት ሲቀንስስ? አጥሚትና አብሽ ጠጪ ተብሎ ይጻፍ።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
አጥሚቱን ትጠጣ፣ ረሃብና ጥም ያስታግስላታል። ወተት የሚቀንሰው ግን ጡቱ ሞልቶ ሲውል ነው፤ ሞልቶ የሚቆይ ጡት ማምረቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ሥራ ላይ ትለብ፣ ወስዶ የሚያጠጣው ሰው ባይኖር እንኳ። ሌሊት ማጥባቱንም አታቋርጥ። የታለበው ማነሱ ብቻውን ወተቷ ማነሱን አያሳይም፤ ልጅ ከእጅ የተሻለ ይስባል። የምናየው ልጁን ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ከሸና፣ ሚዛኑም ከጨመረ ደኅና ነው።

አስተባባሪ፣ ደሴ
ተመዘገበ። የደሴው ሰዓት ገና ነው፤ እኔ አንድ ወረቀት፣ አንድ ቁጥር ወደሚለው አደላለሁ፣ የደሴ ዙሪያዋ እህታችን ግን አልተስማማችም። «ማለብ» የሚለው ቃል የላም ነው ያሉም አሉ፤ «ማውጣት» እንበል ወይ? ሌላው ቀላል ነገር፦ 100 ሚሊ ሊትር ስንት ስኒ እንደሆነ ለመጻፍ የገበያውን ስኒ በስሪንጅ የሚለካልን ሰው እንፈልጋለን፤ ስኒ ከስኒ ይለያያልና ሦስት ዓይነት ይለካ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ደሴ ዙሪያ
ስኒውን እኔ እለካለሁ። የክፍል ቴርሞሜትርም ከተገኘ ሦስት ቤት ውስጥ ማጀቱ ላይ አስቀምጬ በየሰዓቱ እጽፍላችኋለሁ፤ ያኔ ስለ ደሴ እንነጋገራለን።