ጣሊያን ውስጥ ለምከራየው መኪና የካርዴ ሽፋን ይሠራል?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ እህቴን ልጠይቅ ሮም እሄዳለሁ፤ እዚያ መኪና እከራያለሁ። የራሴ መኪና ኢንሹራንስ አውሮፓ ላይ ስለማይሠራ እሱን ትቼዋለሁ። ተስፋዬ ክሬዲት ካርዴ ነው። መመሪያው ግጭትንም ስርቆትንም እሸፍናለሁ ይላል፣ ግን የአከራዩን የግጭት ሽፋን «አልፈልግም» ማለት አለብኝ።

ጭንቁ እዚህ ጋ ነው። የጣሊያኑ አከራይ ሁለቱንም ሽፋኖች ኪራዩ ውስጥ ከቷቸዋል። አውጡልኝ ብላቸው አይቻልም አሉኝ። ሽፋኑ ደግሞ ሙሉ አይደለም፤ መኪናው ቢጋጭ እስከ 1,500 ዩሮ፣ ቢሰረቅ እስከ 2,200 ዩሮ የምከፍለው እኔ ነኝ። በሩ ተጭሮ ጥገናው 900 ዩሮ ቢፈጅ፣ ሙሉው ከኪሴ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ዕዳ ዜሮ የሚያደርግ ተጨማሪ ሽፋን በቀን 28 ዩሮ ይሸጣሉ፤ በጣም ውድ ነው።

ካርዱ ጋ ደወልኩ። አንዷ «ቀሪውን እንከፍላለን» አለችኝ፤ ሌላው «የአከራዩን ሽፋን ስላልተውሽ አይመለከተንም» አለኝ።

ጣሊያን መኪና ተከራይታችሁ ጉዳት የደረሰባችሁ ካላችሁ፦ የአከራዩ ሽፋን በግዴታ ኪራዩ ውስጥ እያለ፣ ከኪሳችሁ የከፈላችሁትን ካርዳችሁ ተካላችሁ?