የሦስት ወር ሙከራ ላይ የፈረመ ሰው በፊርማው ይገደዳል?

ጥያቄ፦ እህቴ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በንብረት ክፍል ሠራተኝነት ተቀጥራ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ሥራ ጀመረች። የቅጥር ደብዳቤዋ ደመወዝ 9,500 ብር፣ ሙከራ ሦስት ወር፣ መልቀቅ ከፈለገች ደግሞ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይላል። ታኅሣሥ 22 «ሙከራውን አላለፍሽም» ብለው በዚያው ቀን አሰናበቷት። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ፈርማለች። እኛ ቤት ግማሹ «ፈርማ ምን ትላለች» ይላል፣ ግማሹ «ሕግ አለ» ይላል። እናንተስ?

የሱቅ ባለቤት፦ እኔ «ፈርማ ምን ትላለች» ከሚሉት ነኝ። ማንም በግድ አላስፈረማትም። ደግሞ ንብረት የሚረከብን ሰው በሁለት ወር ማወቅ አይቻልም። አንድ ቆጠራ እንኳ ሳይደርስ ሙከራው ያልቃል።

አንድ ወንድም፦ ሙከራ 45 ቀን ነው፣ አለቀ። ከ45 ቀን በኋላ ቋሚ ሆናለች፣ ይክሰሱ።

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ 45 ቀን የድሮው አዋጅ ነው፣ 377/96። አሁን የሚሠራበት 1156/2011 ጣሪያውን 60 የሥራ ቀን አድርጎታል። የሥራ ቀን መሆኑን ልብ በሉ፣ ብዙ አሠሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በፊርማ ደግሞ ከዚያ በላይ ማድረግ አይቻልም፤ ደብዳቤው ሦስት ወር ቢልም የሚቆመው 60ኛው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ከቀጠለች ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ እንደ መደበኛ ሠራተኛ ነው የምትቆጠረው። ጠያቂው፣ እህትህ ቅዳሜ ትገባ ነበር?

ጠያቂው፦ እስከ 6:30። ለምን?

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ቅዳሜ ላይ ስለሆነ። ቅዳሜን እንደ ሙሉ የሥራ ቀን ከቆጠርን በሳምንት ስድስት፣ በአሥር ሳምንት 60 ይሞላል፤ ታኅሣሥ 12 ቅዳሜ አለቀ ማለት ነው። ግማሽ ቀን ብለን ከቆጠርን ታኅሣሥ 18 ዓርብ ይሞላል። ጭራሽ ካልቆጠርናት ግን 60ኛው ታኅሣሥ 25 ነው፤ ያኔ ታኅሣሥ 22 ሙከራ ውስጥ ነበረች፣ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ማሰናበት ይችላሉ። በመሃል የወደቀ የሕዝብ በዓል የለም። ግማሽ ቀንን አንድ ቀን ነው ብሎ የሚያስረዳ ግልጽ ቃል አዋጁ ላይ አላየሁም፤ እኔ የምቆጥረው እንደ ቀን ነው፣ የድርጅቱ ጠበቃ ግን ይከራከርበታል።

የሱቅ ባለቤት፦ አየህ፣ ሕጉ ራሱ አልጠራም!

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ከሦስቱ አቆጣጠር በሁለቱ እሷ ናት የምትረታው። ደብዳቤው ላይ ግን «60 የሥራ ቀን፣ ቅዳሜ ይቆጠራል» ቢባል ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፦ እኔ ስቀጠር ሙከራዬ ስድስት ወር ነበር፣ ማንም አልጮኸም። ልጆቹ ትዕግሥት የላቸውም።

አንድ ወንድም፦ እሜቴ፣ እርስዎ በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደሩት። ጥያቄው ስለ ግል ድርጅት ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ የእኔም ደብዳቤ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይል ነበር። በ30 ቀን ለቅቄ «የቀረውን ሁለት ወር ደመወዝ ክፈል» ብለው የሥራ ልምድ ወረቀቴን ያዙብኝ። ሳልጨቃጨቅ ተውኩት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ሊቆጭህ ይገባል። ሙከራ የጨረሰ ሠራተኛ 30 ቀን አስቀድሞ አሳውቆ መልቀቅ ይችላል። ጭራሽ ሳያሳውቅ ቢጠፋ እንኳ የሚጠየቀው ካሣ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። የሥራ ልምድ ወረቀት ደግሞ መያዣ አይደለም። በአሠሪው በኩል ግን ይለያያል፤ አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ሠራተኛ አንድ ወር፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር። ደብዳቤው ላይ ድርጅቱ ስንት ወር እንደሚሰጥ አለ?

ጠያቂው፦ የለም። የእሷ ግዴታ ብቻ ነው የተጻፈው። ሌላም አለ፤ ያሰናበቷት ካዝና ጎደለ ብለው ነው። እሷ ግን ንብረት ክፍል ነው የተቀጠረችው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ስትቀር ነበር የሚያስቀምጧት።

የሱቅ ባለቤት፦ እንዲህ ከሆነማ ሌላ ነው። በዕቃ የቀጠርኩትን ሰው በብር አልለካውም። የሥራ ዝርዝሩ ምን ይላል?

ጠያቂው፦ «የንብረት ርክክብና ምዝገባ፣ እንዲሁም በኃላፊው የሚታዘዙ ሌሎች ሥራዎች።»

የሱቅ ባለቤት፦ ያቺን «ሌሎች ሥራዎች» እኔም እጽፋታለሁ፣ አልዋሽም። ካዝና ታስገባለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

አንድ ወንድም፦ ታስገባለች፣ ለምን አታስገባም? ታዘዘች፣ ሠራች።

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ በዚህ አልስማማም። ግን ስለ ካዝናው ከመከራከራችሁ በፊት የመግቢያና መውጫ መዝገቡን ፈልጉ፤ ቅዳሜዎቹ ላይ ፊርማዋ ካለ ጠንካራው ክርክር እሱ ነው። ወደ ሥራ መመለስ ከፈለገች ከተሰናበተችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሳይሞላ ክስ መክፈት አለባት።

ጠያቂው፦ መዝገቡ እነሱ ጋ ነው። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ስትረከብ የፈረመችባቸው ደረሰኞች ኮፒ አሏት። ዛሬ ማታ አብረን እንቆጥራቸዋለን።