ምዕራፉን ባሳጠርኩት ቁጥር መታጠፊያው ይጠፋብኛል

ጠያቂ፦
ልብ ወለዴን ጽፌ ጨርሻለሁ። አሳታሚው የእያንዳንዱን ምዕራፍ ማጠቃለያ በአንድ አንቀጽ፣ ከ100 ቃል ሳይበልጥ አምጪ ብሎኛል። ሌሎቹን እንደምንም ተወጣሁ። ምዕራፍ 7 ግን እምቢ አለኝ። 14 ገጽ ነው። ሰናይት ከቤሩት ትመለሳለች። በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት በወንድሟ ስም መዞሩን ስለሰማች ልትከሰው ነው የመጣችው። የጻፍኩት ይኸው፦

«ሰናይት ከ6 ዓመት በኋላ ከቤሩት ተመልሳ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥታ፣ የወንድሟን አዲስ ባጃጅ አይታ ተናዳ፣ የክስ ማመልከቻ አጽፋ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የቤቱን ፋይል አስወጥታ፣ የስጦታ ውሉ ላይ የእናቷን የጣት አሻራ አይታ፣ ክሱን ትታ ወደ ቤት ትመለሳለች።»

ጓደኛዬ አንብባ «እና ምን ተፈጠረ?» አለችኝ። ሁሉም ነገር አለ፤ ዋናው ነገር ግን አይታይም። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከአንድ አንባቢ፦
እኔ ብሆን የእናትየውን አሻራ ጭራሽ አላነሳውም። «ሰናይት ፋይሉ ውስጥ ያላሰበችውን ነገር ታገኛለች» ብለሽ ተዪው። ያኔ ሰው ለማወቅ ይጓጓል። ሁሉን ከነገርሽው መጽሐፉን ለምን ይገዛል?

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ግን ይሄ ለጀርባ ሽፋን አይደለም። አሳታሚው ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ሊወስን ነው። እሱ ዘንድ መደበቅ ያለብኝ አይመስለኝም።

መልስ፣ ከአንዲት መምህርት፦
ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ዘዴ አለ። ከየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጪ። 14 ዓረፍተ ነገር ይኖርሻል። ከዚያ እያጣመርሽ ወደ 5 አውርጂው። ምንም ሳያመልጥሽ ያጥራል።

መልስ፣ ከአንድ አርታኢ፦
የመምህርቷ ዘዴ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ምን ምን እንዳለሽ ያሳይሻል። ግን ለየገጹ እኩል ቦታ ይሰጣል፤ ያንቺም ችግር እሱው ነው።

እህቴ፣ አንቀጽሽን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ተመልሳ፣ ጠጥታ፣ አይታ፣ ሄዳ፣ አስወጥታ። ሁሉም ተንጠልጥሎ የመጨረሻውን ግስ ይጠብቃል። በአማርኛ የዓረፍተ ነገሩ ክብደት የሚያርፈው ማሰሪያው ላይ ነው። ያንቺ ማሰሪያ «ትመለሳለች» ነው። ስለዚህ ጓደኛሽ እጇ ላይ የቀረው ሰናይት ቤት መግባቷ ብቻ ነው። አሻራው ከቡናው ጋር እኩል ሆኖ አለፈ። ስናሳጥር ሁላችንም በዚህ እንሳሳታለን፤ እንዲህ መደርደር ቋንቋችን ላይ በጣም ይቀላል።

መጀመሪያ መታጠፊያውን ለዪ። ሰናይት ምዕራፉ ሲጀምር ምን ትፈልጋለች? ወንድሟን መክሰስ። ሲያልቅስ? ክሱን ትታለች። አሁን በመሃል ያሉትን አንድ በአንድ እያነሳሽ ሞክሪ። ቡናውን አውጪው፤ ሰናይት ያው ትከሳለች። ባጃጁን አውጪው፤ ንዴቷ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ያው ትከሳለች። አሻራውን አውጪው፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ናት። ምዕራፉን የሚያጥፈው እሱ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን አሻራውን ማየቷ ገና ወሬ ነው። መታጠፊያው የሚሞላው ያ ወሬ ካስለወጣት ውሳኔ ጋር ነው። ለሁለቱም የየራሳቸው ማሰሪያና የየራሳቸው አራት ነጥብ ስጫቸው። የቀረውን እንደፈለግሽ አንጠልጥዪው።

መልስ፣ ከአንድ የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ፦
በዚህ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። ድራማውን ለሁለት ስንጽፍ እኔ የየክፍሉን ማጠቃለያ ለጓደኛዬ እልክለት ነበር። አንዴ «አባትየው ልጁ ፊት በሩን ይዘጋል» ብዬ ላክሁ። መታጠፊያው አልጠፋም፤ በራሱ ዓረፍተ ነገር ቆሟል። ጓደኛዬ ቀጣዩን ክፍል አባትየው ተቆጥቶ ጻፈው። እኔ የጻፍኩት አባት ግን በሩን የዘጋው እንባውን ልጁ እንዳያይበት ነበር። ክፍሉን እንደገና ጻፍነው። የጎደለው «አፍሮ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

ያንቺም ላይ እሱን አጣሁት። አሻራውን አየች፣ ክሱን ተወች። በመሃል ያለው ምንድን ነው? ለእናቷ አዝና ነው? ፈርታ ነው? እንደማታሸንፍ አውቃ ነው?

ጠያቂ፦
እውነትህን ነው! ምዕራፉ ውስጥ አለ፣ ገጽ 11 ላይ። ውሉን ላፍርስ ካለች ቤቱን የሰጠችው እናቷም ችሎት ልትቆም ነው። ያን ማድረግ ስለማትችል ነው የተወችው። ማጠቃለያው ላይ አንድም ቃል አላስገባሁም። አሁን እንዲህ ሞከርኩት፦

«ሰናይት ከ6 ዓመት በኋላ ከቤሩት የምትመለሰው ወንድሟን ለመክሰስ ነው። በላከችው ገንዘብ የተሠራውን ቤት አታሎ በስሙ አዙሮታል። የክስ ማመልከቻ አጽፋ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ፋይሉን ስታስወጣ ግን የስጦታ ውሉ ላይ የእናቷን የጣት አሻራ ታገኛለች። ቤቱን ለወንድሟ የሰጠችው እናቷ ናት። ክሱ ከቀጠለ እናቷ ችሎት ልትቆም ነው። ሰናይት ማመልከቻውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ማታ እናቷ ምን እንዳገኘች ስትጠይቃት ‹ምንም› ትላለች።»

መልስ፣ ከመምህርቷ፦
አሁን ገባኝ፣ የኔን ዘዴ እኔም አስተካክለዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። «አታሎ በስሙ አዙሮታል» ያለው ማን ነው? ሰናይት ናት ወይስ አንቺ? አንቺ ከሆንሽ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ራስሽን ታፈርሻለሽ፤ አላታለለማ፣ እናቱ ናት የሰጠችው።

መልስ፣ ከአርታኢው፦
ትልቅ ነገር ነው ያዩት። መታጠፊያው የሚገለብጠው የሰናይትን እምነት ስለሆነ፣ መነሻው ላይ እምነት ሆኖ ይጻፍ። «አታሎ በስሙ አዙሮታል ብላ ታምናለች» ካልሽ በቂ ነው። ሁለት ቃል ነው የሚጨምርብሽ።

የመጨረሻዋን «ምንም» አትንኪያት። ለማሳመር የገባች ትመስላለች፤ ግን ከዚህ በኋላ ሰናይት የምትደብቀው ነገር እንዳላት አሳታሚው የሚያውቀው በእሷ ነው። ምዕራፍ 8 በዚህ ምስጢር ላይ የማይቆም ከሆነ ግን አውጪያት።

ጠያቂ፦
ይቆማል፣ ምዕራፍ 8 ሙሉው እሱ ነው። አንድ የቀረኝ አለ። እናትየው ቤቱን ለምን እንደሰጠች የሚታወቀው ምዕራፍ 11 ላይ ነው። እዚህ በአንድ ሐረግ ልጠቁም?

መልስ፣ ከአርታኢው፦
አይሆንም። የምዕራፍ 7 ማጠቃለያ ሰናይት በምዕራፍ 7 የምታውቀውን ይያዝ። ምክንያቱን እዚህ ካወጣሽው የ11 መታጠፊያ ባዶ ይሆናል።

መልስ፣ ከሬዲዮ ድራማ ጸሐፊው፦
እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። አንባቢው ሌላ፣ አሳታሚው ሌላ ነው። አሳታሚው 7ን አንብቦ «እናት ያለ ምክንያት ልጇን ትክዳለች እንዴ?» ብሎ ሊያቆም ይችላል። «ሰናይት ገና በማታውቀው ምክንያት» የሚል ሐረግ ብታስገባ፣ ምክንያቱን ሳትናገር መኖሩን ትነግረዋለች።

መልስ፣ ከአርታኢው፦
እንዲህ ከሆነ ምስጢሩ አይወጣም፤ እሱን እቀበላለሁ። ግን ሐረጉ የሚገባው «ቤቱን ለወንድሟ የሰጠችው እናቷ ናት» የሚለው ላይ ነው፤ የምዕራፉ አጭርና ከባድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እሱ ነው። ቢረዝም ይላላል ብዬ እሰጋለሁ።

ጠያቂ፦
ሁለቱንም ጽፌ ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ሐረጉ ሲገባ እውነትም ዓረፍተ ነገሩ ይለዝባል። ሲወጣ ደግሞ እናትየው ክፉ ትመስላለች፤ ክፉ አይደለችም። ነገ ለዚያችው ጓደኛዬ ሁለቱንም ሰጥቼ ምን እንደተፈጠረ እጠይቃታለሁ። የምትለኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።