የእሁዱ የሽንት ምርመራ ዕቅድ፦ ስኳሩን በምን እንይ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። የእሁዱ ምርመራ ረቂቅ ይህ ነው። ሰው ቁርስ ሳይበላ ይምጣ፤ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንቱን ከቤቱ በዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ሽንት ሲነካቸው ቀለማቸውን የሚለውጡ ካሬዎች ባሉት ቀጭን ስትሪፕ ስኳር፣ ፕሮቲንና ደም እናይለታለን፤ ቀለሙ ያልተለወጠለትን "ነጻ ነህ" ብለን እንሸኛለን። እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ወጪው ተመችቶኛል። አንዱ ስትሪፕ ሦስቱንም ካሳየ ለስኳር ሌላ መሣሪያ አንገዛም። ስኳር ያለበት ሰው ሽንቱ ላይ መታየቱ አይቀርም፤ ድሮም ጉንዳን ሲወረው ነበር የሚታወቀው።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ የጉንዳኑ ነገር እውነት ነው፤ ግን ያ ስኳሩ በጣም ሲበዛ ነው። ኩላሊት ያጣራውን ስኳር መልሶ ወደ ደም ይከታል፤ አልችል ብሎ ወደ ሽንት የሚለቀው የደም ስኳር 180 አካባቢ ሲደርስ ነው። ሕመሙ ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ሰው ስትሪፑ አያየውም። አጎቴን ራሴ መርምሬያለሁ። የስኳሩ ካሬ እንደ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፣ ደስ አለው። ጣቱን ወግቼ ስለካው 151 ሆነ፤ በሌላ ቀን ጤና ጣቢያ በባዶ ሆድ ሲለካ 148። "ነጻ ነህ" ብዬ ብሸኘው ኖሮ ሕመሙን ይዞ ነበር የሚሄደው።

ረቂቁ ላይ የከበደኝ ሰዓቱም ነው። የጠዋት ሽንት ሌሊቱን የተጠራቀመ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ ፕሮቲን ለማየት ይመቻል። ስኳር ግን ከምግብ በኋላ ነው ከፍ የሚለው፣ ለእሱ የማይመቸው ሰዓት ይኸው ነው። ስለዚህ ሽንቱን ለፕሮቲንና ለደም እንያዘው፤ ስኳሩን በጣት ደም እንለካ። ሰዉ እንደሆነ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው።

ሜሪላንድ ያለው አባል፦ የእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዳፓግሊፍሎዚን የሚባል ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ የደም ስኳሬ ደህና ሆኖ ሳለ ስትሪፑ መጨረሻው ቀለም ላይ ይደርሳል። ሐኪሜ ኪኒኑ ስኳሩን በሽንት ስለሚያስወጣ ነው ብሎኛል። ስትሪፕ ከፈለጋችሁ በሻንጣ እልካለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ እግዜር ይስጥልን። ያልተከፈተ ጠርሙስ ብቻ ይላኩልን፤ ስትሪፑ እርጥበት ከነካው አይታመንም።

አንዲት እናት፦ ልጆቼ፣ የኩላሊት ጠጠሬን ያሳየኛል? ዕቃውን በበረኪና አጥቤ አዘጋጅቻለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ እትዬ፣ ጠጠሩን አያሳይም። ጠጠር ሲቧጥጥ ደም ሊወጣ ይችላል፣ የደሙ ካሬ ያንን ያያል፤ ግን የሽንት ኢንፌክሽንም የወር አበባም ያንኑ ቀለም ያመጣሉ። ደም ካሳየ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በረኪናውን ስለነገሩን ደግሞ ተባረኩ! ትንሽ ከቀረ ደም ሳይኖር ደም፣ ስኳር ሳይኖር ስኳር ያስመስላል። ጸሐፊ፣ "ከቤቱ በዕቃ" የሚለው ይውጣ፤ ንጹሕ ኩባያ እኛው እንስጥ፣ ሽንቱም እዚያው ይሰጥ። ጉንፋን ይዟቸው የቫይታሚን ሲ ኪኒን የሚያሟሙም ይጠየቁ፤ እሱ በተቃራኒው ያለውን ደምና ስኳር ይደብቃል።

በጎ ፈቃደኛ ተማሪ፦ እኔ አነባለሁ። አምስት አምስቱን ነክሬ በስልኬ 60 ሰከንድ ስይዝ ሁሉንም አንድ ላይ አያለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ለፕሮቲኑና ለደሙ በያዝነው ጠርሙስ 60 ሰከንድ ልክ ነህ፤ ስኳሩ 30 ነው፣ ግን እሱን ትተነዋል። አምስቱን አንድ ላይ ከነከርክ ግን አምስተኛውን ስታይ ጊዜው አልፏል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ቀለም አይነበብም። አንድ በአንድ ንከር፣ ወዲያው አውጣ፣ ጠርዙን በኩባያው አፍ ላይ አንሸራተህ ትርፉን አራግፍ፣ አግድመህ ያዝ፤ አለዚያ የአንዱ ካሬ ውኃ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ከድንኳኑ ሥር አታንብብ፤ የሸራው ቀለም ቢጫውን አረንጓዴ ያስመስልብሃል።

ገንዘብ ያዥ፦ የጣት መለኪያው ስትሪፕ ለመቶ ሰው ስንት ያወጣል? ፕሮቲኑ "ትሬስ"፣ ማለትም ጥቂት ምልክት ብቻ፣ ያለውስ ሰው ምን ይባላል?

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ውኃ ያልጠጣ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ሲሮጥ የመጣ ሰው ሁሉ ትሬስ ሊያሳይ ይችላል። እኔ በሌላ ቀን ይደገም እላለሁ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ስትሪፑ ንጹሕ ቢሆንም ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር የሚወጣው ጥቂት ፕሮቲን እዚህ አይታይም።

የእድሩ ጸሐፊ፦ "ነጻ ነህ" የሚለውን ሰርዣለሁ፤ "ዛሬ በስትሪፑ አልታየም" ይባላል። ኩባያው ገብቷል፣ የሽንት ስኳሩ ወጥቷል። ትሬሱን ማን ተከታትሎ እንደሚደግም ገና ነው፤ ገንዘብ ያዥም የጣት መለኪያውን ዋጋ እስከ ሐሙስ ያምጡልን።