የአሽከርካሪ ሰዓትን በሊኒየር ፕሮግራም ውስጥ እንዴት ልጻፈው?

ጤና ይስጥልኝ። ከመተማ ወደ ጎንደር ሰሊጥና ጥጥ ለሚያመላልሱ 3 የጭነት መኪኖች ሳምንታዊ ድልድል እያዘጋጀሁ በአሽከርካሪ ሰዓት ላይ ተቸግሬአለሁ። እያንዳንዱ መኪና 200 ኩንታልና 55 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ አንድ ኩንታል ሰሊጥ 0.2፣ ጥጥ ደግሞ በእኛ አስተሻሸግ 0.5 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ደርሶ መልሱ መጫንና ማራገፍን ጨምሮ 14 ሰዓት ነው።

መጀመሪያ 14ን ለ200 አካፍዬ ለእያንዳንዱ ኩንታል 0.07 ሰዓት ሰጠሁ። ስህተቱ የታየኝ ጥጥ ብቻ ስጭን ነው፤ መኪናው በ110 ኩንታል ይሞላል፣ ስሌቱም 7.7 ሰዓት ይላል፣ ሹፌሩ ግን ያንኑ 14 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ x ሰሊጥ፣ y ጥጥ፣ n የጉዞ ብዛት ሆነው እንዲህ ጻፍኩት፦

```
x + y <= 200n
0.2x + 0.5y <= 55n
14n <= 144
```

144 የመጣው ከ3 ሹፌሮች 48 ሰዓት ነው። n ሙሉ ቁጥር ይሁን ስል 10 ጉዞ ይሰጠኛል፤ ነገር ግን አንድ ሹፌር በ48 ሰዓት 3 ጉዞ ብቻ ስለሚጨርስ፣ በተግባር የሚቻለው 9 ነው። ለየሹፌሩ የተለየ n መስጠት ይህን እንደሚያስተካክል ይገባኛል። ያልቻልኩት ከእያንዳንዳቸው የሚተርፈውን 6 ሰዓት፣ በመንገድ ላይ ሹፌር በመቀያየር፣ ለ10ኛ ጉዞ የሚያውል ገደብ መጻፍ ነው። የሠራችሁት ካላችሁ ተለዋዋጮቹን እንዴት እንደምሰይም ብታሳዩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።