ጭንቅላቱን የተመታ ወጣት፦ አሁን ልላከው ወይስ ልጠብቅ?

ሰላም ባለሙያዎች። የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ ዛሬ የማታ ተረኛ ነኝ። ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ሦስት ሰዓት ያስኬዳል።

ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መጣ። ጂሲኤሱ 14 ነበር። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ቀኑንና ቦታውን ግን ያምታታል። 4 ሰዓት ላይ 13 ሆነ፤ አሁን ዓይኑን የሚገልጠው ስጠራው ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ሳየው ያው 13 ነው። አንዴ አስመልሶታል። ስኳሩ 105፣ ግፊቱ 130/80፣ ኦክስጅኑ 97 ነው።

ያስቸገረኝ የዓይኑ ብሌን ነው። ግራው 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባትሪ ሳበራበት ቶሎ ይጠባል። ቀኙ ግን አብጦ ተዘግቷል። ቆቡን ቀስ አድርጌ ለመግለጥ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ዓይኑ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መጫን አልፈለግኩም።

አረቄ አረቄ ይሸታል። ተረኛው ጤና መኮንን «ስካር ነው፣ እስኪነጋ ይተኛ» ይላል። ለእኔ አልተዋጠልኝም፤ ስካር ብቻ ቢሆን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መንቃት ነበረበት። አንገቱ እንዳይነቃነቅ ደግፌ በየ15 ደቂቃው እያየሁት ነው። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

የሚታየኝ አንድ ብሌን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ይህ የአንድ ነጥብ መውረድ ብቻውን አሁኑኑ ለመላክ ይበቃል ወይስ ሌላ ምልክት ልጠብቅ?