ከመድኃኒት ስቶር ወደ ምግብ መጋዘን፦ ልምዴን በአጭር ኢሜይል እንዴት ላገናኘው?

ማሂ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በፋርማሲ ዲፕሎማ አለኝ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 4 ዓመት ስቶሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን አንድ የታሸገ ምግብና የሕፃናት ወተት አከፋፋይ የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ይፈልጋል። “አግባብ ያለው 3 ዓመት የሥራ ልምድ” ይላል፤ ሲቪ ከአጭር መግለጫ ጋር በኢሜይል ላኩ ብሏል። የጻፍኩት ይኸው፤ ሳነበው ግን እኔ ራሴ አልቀጥረኝም፦

“ምንም እንኳን በመጋዘን ሥራ ልምድ ባይኖረኝም በፋርማሲ ሙያ ለ7 ዓመት አገልግያለሁ። አር.አር.ኤፍ በወቅቱ በመላክ፣ ሞዴል 19 እና 22 በመሥራት፣ በአይ.ፒ.ኤል.ኤስ መሠረት በማስተዳደር ልምድ አለኝ። ታታሪ፣ በቡድን የምሠራና አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ ነኝ።”

ቶሎ መላሽ
ማሂዬ፣ “ፋርማሲ” የሚለውን ቃል ከኢሜይሉ አውጪው። “የ4 ዓመት የስቶር ኃላፊ” በይና ጨርሺ። ፋርማሲ ሲያዩ ወዲያው “ይቺ መድኃኒት ቤት ትሂድ” ነው የሚሉት።

የዕቃ ክፍል ሰው
ግማሹ ልክ ነው። “ልምድ ባይኖረኝም” የሚለው መጀመሪያ መውጣት አለበት፤ አንባቢው ሳይጠይቅሽ በራስሽ ላይ ፈርደሻል። ፋርማሲን ደብቂ የሚለው ግን አያዋጣም። የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ላይ የሚጻፈው የሥራ መደብ ፋርማሲ ነው፤ ኢሜይሉ አንድ፣ ማስረጃው ሌላ ካለ ቀጣሪው ዓይኑን ያጠባል።

እኔ ከ10 ዓመት በላይ መጋዘን ውስጥ ነኝ፤ ሰው ስንቀጥርም ቃለ መጠይቁ ላይ እቀመጣለሁ። የአንቺ ኢሜይል ችግሩ የምታወሪው በጤና ጣቢያ ቋንቋ መሆኑ ነው። የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ብትይኝ ይገባኛል፤ እኛም ጋ አለ። አር.አር.ኤፍ ግን ሰው ሀብት ክፍል ያለችው ልጅ ሰምታው አታውቅም። ሥራው ምን ነበር? በየሁለት ወሩ የወጣውንና የቀረውን ቆጥረሽ፣ ፍጆታውን አስልተሽ፣ ከ4 ወር በላይ እንዳይከማች፣ ከ2 ወር በታች እንዳይወርድ ማዘዝ። እንደዚያ ከጻፍሽው ማንም ይረዳዋል። ሞዴል 19 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፤ “ዕቃ መረከብና ማስመዝገብ” በይው።

ሁሉንም ግን አታስገቢ። የምግብ አከፋፋይ ራስ ምታቱ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፦ የመጠቀሚያ ጊዜ። ጥቂት ወር ብቻ የቀረውን ወተት ሱፐርማርኬት አይቀበልም፤ ስለዚህ ዕቃው ሳያልፍበት ገና ነው የሚከስረው። አንቺ ደግሞ ለዓመታት ስትሠሪ የኖርሽው ባች ቁጥርና የማለፊያ ቀን እያየሽ ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድመሽ ማውጣት ነው። ኢሜይሉን እዚህ ላይ አሳርፊው። በቁጥር የምታሳዪው ነገር አለሽ?

ዱባይ ነኝ
እህቴ፣ እኔም ከመምህርነት ወደ መጋዘን ነው የገባሁት። ዋናው ክሊራንስ ነው! መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያና ክሊራንስ ከከለከለሽ ምንም ብትጽፊ ዋጋ የለውም። እኔ 5 ወር ተንከራትቻለሁ። መጀመሪያ እሱን ጨርሺ።

ማሂ
ወንድሜ አመሰግናለሁ፤ ገና አልተጠራሁም እኮ 😄

ለዕቃ ክፍል ሰው፦ ስቶሩን ስረከብ በተደረገው ቆጠራ ጊዜ ያለፈባቸው 14 ዓይነት ዕቃዎች ተገኙ። ባለፈው ሰኔ ቆጠራ 3 ነበሩ። ግን ሁሉም የእኔ ጉብዝና አይደለም፤ ሊያልፍ ጥቂት ወር የቀረው ዕቃም በፊት በብዛት ይመጣልን ነበር። እኔ የጀመርኩት፣ ሊያልፍ 6 ወር የቀረውንና እኛ የማንጨርሰውን በየወሩ ለይቼ፣ በጽሑፍ አስፈቅጄ፣ ለሚፈልግ ጎረቤት ጤና ጣቢያ ማስተላለፍ ነው።

ቶሎ መላሽ
እንግዲያው “ብክነትን በ80 በመቶ ቀንሻለሁ” ብለሽ ጻፊያ! በመቶኛ ሲሆን ይገንናል።

የዕቃ ክፍል ሰው
አይሆንም። ከ14 ወደ 3 በመቶኛ 79 ገደማ ይመጣል፤ ሒሳቡ አልጠፋህም። ግን “ብክነት” ብትል ቀጣሪው በብር ነው ወይስ በዓይነት ብሎ ይጠይቃታል፤ በብር ካላሰላችው ተያዘች። ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የቆጠራ ሰነድ አላቸው። እሷው እንዳለችውም ሁሉም የእሷ ስላልሆነ “ቀነስኩ” አንልም፤ ምን እንዳደረገች ጽፈን ቁጥሩን አጠገቡ እናኖረዋለን።

ማሂ፣ ወደ ጎረቤት ማስተላለፉን ለምን ደበቅሽው? እኛ ጋ ይህ “ጊዜው ሳይቀርብ በቅናሽ አውጥቶ መሸጥ” ነው። ለሽያጭ ክፍል ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሱፐርቫይዘር ስንፈልግ ነው የምንኖረው። እንዲህ አድርጊው፦

ርዕስ፦ የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ማመልከቻ፣ የ4 ዓመት የስቶር ኃላፊነት

“ለሰው ሀብት ክፍል፤
ለመጋዘን ሱፐርቫይዘር የሥራ መደብ ለማመልከት ነው። በጤና ጣቢያ ላለፉት 4 ዓመታት የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ስቶር በኃላፊነት ይዣለሁ፤ ዕቃ እረከባለሁ፣ ባችና የማለፊያ ቀን እመዘግባለሁ፣ ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ሊያልፍ 6 ወር የቀረውን በየወሩ ለይቼ ለሚጠቀምበት ጤና ጣቢያ እንዲተላለፍ አስደርጋለሁ። ስቶሩን ስረከብ ጊዜ ያለፈባቸው 14 ዓይነት ዕቃዎች ነበሩ፤ ባለፈው ሰኔ ቆጠራ 3 ነበሩ። የታሸገ ምግብና የሕፃናት ወተትም ተመሳሳይ ክትትል ስለሚፈልግ ይህን አሠራር በእናንተ መጋዘን ለመቀጠል እፈልጋለሁ። እስካሁን የሠራሁት በካርድና በኤክሴል ነው፤ የመጋዘን ሶፍትዌር አልተጠቀምኩም። ሲቪና የሥራ ልምድ ማስረጃዬን አያይዣለሁ።”

ጸጋ
ጥሩ ነው፤ የሶፍትዌሩ ዓረፍተ ነገር ግን ለምን? ቅድም “በራስሽ ላይ ፈርደሻል” ብለሃት አሁን ደግሞ አንተው ጉድለት ጨመርክላት።

የዕቃ ክፍል ሰው
ልዩነቱ ቦታው ነው። እዚያ መግቢያው ላይ የጠቅላላ ልምድ እጦት ነበር፤ እዚህ አንድ የተወሰነ ነገር ነው፣ ያውም ሥራውን ካሳየች በኋላ። ደግሞ ማስታወቂያው ሶፍትዌር ካልጠየቀ ሊወጣ ይችላል። ጠይቋል?

ማሂ
“ኮምፒዩተር የምትችል” ብቻ ነው የሚለው።

ጸጋ
እንግዲያው አውጪው። ኤክሴሉ ይቆይ፣ ሶፍትዌሩ ይሂድ።

የዕቃ ክፍል ሰው
ይሁን፣ ተረታሁ። ግን ፎርክሊፍት፣ ተመላሽ ዕቃ፣ ጭነት መኪና ማሰለፍ፣ ይህን ጤና ጣቢያ እንዳላየሽው ያውቃሉ፤ በቃለ መጠይቅ ይመጣል። በተለይ ተመላሽ፦ ሱቅ መልሶ የላከውን ካርቶን ከጤነኛው ጋር ካደባለቅሽ መጋዘኑ ይበላሻል። ቢያንስ ስለሱ መልስ ይዘሽ ግቢ።

ማሂ
ጤና ጣቢያ ጊዜው ያለፈበትና የተበላሸ ዕቃ የሚለይበት የተቆለፈ ክፍል አለን፤ ያ ይሆናል?

የዕቃ ክፍል ሰው
ይሆናል። “ከጥሩው ለይቼ ቆልፌ፣ በሰነድ አስወግዳለሁ” በይ።

ጸጋ
“አግባብ ያለው ልምድ” የሚለውን አንዳንድ ቦታ የሥራ መደቡን ስም ብቻ አይተው ያወጣሉ፤ ኢሜይሉን ሳያነቡት ሊጥሉትም ይችላሉ። ማስረጃሽ ላይ “የስቶር ኃላፊ” የሚል ቃል እንዲገባ አስተዳደሩን ጠይቂ፤ የምርሽን የሠራሽው ነውና።

ማሂ
ማስረጃው ሊጻፍልኝ ነው፤ ነገ ጠዋት የአስተዳደሩ ሰውዬ ጋ እገባለሁ። የስቶር ምደባ ደብዳቤዬንም አብሬ ላያይዘው ወይስ ልተወው?

ዱባይ ነኝ
አያይዢው። ክሊራንሱን ግን አትርሺ።